ቀርፋፋው ሥራ በራሱ ላይ ሲደራረብ፦ ሎክ ፋይል ይሻላል ወይስ የዳታቤዝ ሎክ?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል፣ መሀል ላይም ወሬው ወዲያና ወዲህ ሄዷል። ስለዚህ አሁን ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው ከመነሻው ጥያቄ ጀምሬ እያንዳንዱ መልስ ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

መነሻው

ጎንደር ውስጥ የአንድ ጅምላ ማከፋፈያ የኮምፒውተር ሥራ በእኔ እጅ ነው። ፒያሳ፣ ማራኪ፣ አዘዞና ቅዳሜ ገበያ አጠገብ መሸጫዎች አሉት፤ ዋናው ዳታቤዝ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ቢሮ ያለው ማሽን በክሮን በየ15 ደቂቃው አንድ ስክሪፕት ያስነሳል። ስክሪፕቱ ያልተላኩ ደረሰኞችን ከመሸጫዎቹ ይሰበስብና ወደ ማዕከል ይልካል፤ ማዕከሉም የተሸጠውን ከክምችቱ ላይ ይቀንሳል።

በአዘቦት ቀን ሥራው በ4 ደቂቃ ያልቃል። ቅዳሜ ግን ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ ስለሚበዛ ደረሰኙም ይበዛል፣ ኢንተርኔቱም ይዝላል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ 4፡00 ላይ የተነሳው ሥራ 22 ደቂቃ ፈጀ። ክሮን ደግሞ የፊተኛው ይለቅ አይለቅ ግድ የለውም፤ 4፡15 ሲሆን ሁለተኛውን አስነሳው። ስክሪፕቴ ደረሰኞቹን «ተልኳል» ብሎ የሚያትመው መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለነበር፣ ሁለተኛው ሲነሳ ሁሉም ገና ያልተላኩ ይመስሉ ነበር። እንደገና ላካቸው። አዘዞ የሸጠው 12 ካርቶን ዘይት ነው፤ ማዕከሉ የቀነሰው 24።

ሰኞ ይህን ጨመርኩ፦

```
[ -f /var/tmp/sync.lock ] && exit 0
touch /var/tmp/sync.lock
/opt/sync/send.sh
rm /var/tmp/sync.lock
```

ሦስት ሳምንት በሰላም ሄደ። ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ፣ የዩፒኤሱ ባትሪም ስላረጀ ማሽኑ ሥራው መሀል ላይ እያለ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፣ ክሮንም ተነሳ፣ ሎክ ፋይሉ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ ፋይሉን እያየ ያለ አንዲት ቃል ወጣ። ያወቅኩት ሰኞ ጠዋት ነው፤ የመጋዘን ኃላፊዋ ደውላ ሲስተሙ አለ የሚለው ስኳር መደርደሪያው ላይ እንደሌለ ነገረችኝ። ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ የተሸጠው አንዱም አልተላከም ነበር።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ሎክ ፋይሉን ማስተካከል ይሻላል ወይስ ትቼው ወደ ዳታቤዝ ሎክ ልሂድ?

1ኛ መልስ። ከልብ ሰላምታ አቅርቦ ነው የጀመረው። ሎክ ሳያስፈልግ 15 ደቂቃውን ወደ አንድ ሰዓት ማራዘም ይበቃል አለ። አመስግኜ መልስ ጻፍኩለት፤ ኢንተርኔቱ ከሁለት ሰዓት በላይ የተንፏቀቀበትን ቀን አይቻለሁና ማራዘም አደጋውን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

2ኛ መልስ። ጥያቄውን በሌላ ዓይን አየው። ሁለት ትራንዛክሽኖች አንዱ የያዘውን ረድፍ ሌላው እየጠበቀ ተፋጥጠው ቀርተዋል ብሎ ገመተ፣ ከዚያም ስለ ዴድሎክ ረጅምና ጥሩ ማብራሪያ ጻፈ። ነገር ግን እኔ ዘንድ የተፋጠጠ አልነበረም፤ ሁለቱም ያለ ምንም ችግር ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፣ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

3ኛ መልስ። ግማሹን አገኘው። ፋይሉን ከ`/var/tmp` አውጥቼ `/run` ውስጥ እንዳስቀምጠው መከረኝ፤ `/run` የሚኖረው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ባዶ ነው። ለዓርቡ መብራት ይህ በትክክል ይበቃ ነበር። የማይበቃው ማሽኑ ሳይጠፋ ሥራው ብቻ ሲሞት ነው። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ስክሪፕቱን ቢገድለው ወይም አንድ ሰው `kill -9` ቢልበት `rm` የሚለው መስመር ላይ የሚደርስ የለም። ፋይሉ ያው ይቀራል።

4ኛ መልስ። የራሱን ታሪክ አመጣ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሲሠራ ሎክ ፋይሉ ላይ የፕሮሰሱን ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ቀጣዩ ሥራ ቁጥሩን አንብቦ ያ ፕሮሰስ በሕይወት ካለ ይወጣል፣ ከሌለ ይቀጥላል። ለወራት ደኅና ሠራ። አንድ ቀን ማሽኑ እንደገና ከተነሳ በኋላ ሥራው ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ አለ፤ ምክንያቱን ሲፈልግ ያ ቁጥር ለፕሪንተር አገልግሎቱ ተሰጥቶ አገኘው። ሎኩ ቁጥሩ በሕይወት መኖሩን እንጂ የማን መሆኑን አይጠይቅም ነበር። ይህን ማንበቤ ጠቀመኝ፣ በዚያው ምሽት ልሠራ ያሰብኩት ይህንኑ ነበርና።

5ኛ መልስ። ከባሕር ዳር የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ብዙዎቹ አንቱ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ነገሩን ሥሩ ላይ ያዙት። እስካሁን የተባለው ሁሉ የፋይሉን መኖር እንደ ሎክ መቁጠር ነው፤ ፋይል ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት አይሞትም አሉ። `flock` ግን ፋይሉን እንደ መያዣ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ሎኩ ያለው ከርነሉ ዘንድ፣ በተከፈተው ፋይል ላይ ነው። ሥራው ሲሞት፣ በ`kill -9` ይሁን በመብራት፣ ፋይሉ ይዘጋና ሎኩም ይለቀቃል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ለዘላለም ቢቀመጥ ምንም ማለት አይደለም።

በዚያው ላይ ያላየሁትን ሌላ ቀዳዳ አሳዩኝ። የእኔ ስክሪፕት መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ፋይሉን ይፈጥራል። በማየትና በመፍጠር መካከል ሌላው ገብቶ ቢያይ እሱም ባዶ ነው ያገኘው፤ ሁለቱም ይገባሉ። በ15 ደቂቃ ልዩነት የሚነሱ ሥራዎች ላይ ይህ ብርቅ ነው፤ ክሮን እያስነሳው ሰውም በእጁ ሲያስነሳው ግን ይገጥማል። የጻፉልኝ መስመር ይህ ነው፦

```
*/15 * * * * flock -n -E 75 /var/lib/sync/sync.lock /opt/sync/send.sh
```

`-n` ሎኩ ከተያዘ ሳይጠብቅ እንዲመለስ ነው። ይህ ከሌለ እያንዳንዱ አዲስ ሥራ ተራ ይዞ ይቆማል፣ ቅዳሜ ማታ ሲቆጠሩ አሥርና አሥራ ሁለት ሆነው ይገኛሉ። `-E 75` ደግሞ በሎክ ምክንያት የወጣውን ሥራ ከተበላሸው ሥራ ለይቶ ለማወቅ ነው፤ ካልተሰጠው `flock` የሚመልሰው 1 ነው፣ 1 ደግሞ ስክሪፕቱ ራሱ ሲሳሳትም የሚመልሰው ቁጥር ነው።

6ኛ መልስ። 2ኛው መላሽ ተመልሶ ጥያቄውን በደንብ ሳያነብ መጻፉን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ትሕትና በመድረካችን ብዙ ስለማይታይ ሳላነሳው ማለፍ አልፈለግኩም።

7ኛ መልስ። ሥራው ሲያልቅ ሎክ ፋይሉ ሊጠፋ ይገባዋል፣ ማሽን ላይ ቆሻሻ መተው ልማድ መሆን የለበትም አለ። ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ `rm` እንድጨምር ነገረኝ።

8ኛ መልስ። የባሕር ዳሩ ሰው መለሱለት፣ እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠንከር አለ። ፋይሉን መሰረዝ ሎኩን ራሱን መሰረዝ ነው አሉ፣ ቅደም ተከተሉንም ዘረዘሩት። በ5ኛው መልስ መስመር ሳይሆን ሎኩን ለመያዝ ተራ በሚጠብቁ ሥራዎች እናስበው። አንደኛው ሎኩን ይዟል፣ ሁለተኛው ያንኑ ፋይል ከፍቶ ተራ ይጠብቃል። አንደኛው ጨርሶ ፋይሉን ይሰርዛል፣ ይወጣል። ሁለተኛው ሎኩን ያገኛል፤ ያገኘው ግን ስም በሌለው፣ ከዲስኩ ማውጫ በተነሳው ፋይል ላይ ነው። ሦስተኛው ይመጣል፣ በዚያ ስም ፋይል ስለሌለ አዲስ ይፈጥራል፣ በእሱም ላይ ሎክ ያገኛል። አሁን ሁለቱም ሎክ ይዘዋል፣ ሁለቱም ይልካሉ። በ`-n` ጊዜው በጣም ይጠባል፣ ግን ከዜሮ አይደርስም። ባዶ ፋይል ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም፣ ተወው አሉ። 7ኛው መላሽ ለዓመታት እንደዚያ ሲሠራ አንድም ችግር ገጥሞት እንደማያውቅ መለሰ፤ እሳቸውም ችግሩ ሲገጥም የሚታየው በደረሰኝ እንጂ በሎግ አይደለም አሉት። ከዚያ በኋላ 7ኛው አልተመለሰም።

9ኛ መልስ። ይህ የእኔ ነው። የ5ኛውን መስመር ተከልኩ፣ ሦስት ቀን ሠራ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት እያንዳንዱ ሥራ በ75 እየወጣ አገኘሁት። `send.sh` የሚባል የሚሮጥ ነገር የለም፤ `ps` ባዶ ነው። ሎኩ ግን ተይዟል። ከርነሉ ይለቃል ተብዬ ስላመንኩ እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። ከመበሳጨቴ በፊት ማንሳት የነበረብኝ ጥያቄ ፋይሉን የከፈተው ማነው የሚለው ነበር፦

```
fuser -v /var/lib/sync/sync.lock
```

የወጣው ስም `autossh` ነው። ስክሪፕቴ ወደ አዲስ አበባው ዳታቤዝ የሚሄደው በኤስኤስኤች ዋሻ ነው፤ ዋሻውን በ`autossh -f` ከኋላ ያስነሳዋል፣ ሲያልቅም ይዘጋዋል። በዚያ ጠዋት ስክሪፕቱ መዝጊያው ላይ ሳይደርስ በስሕተት ወጥቷል፣ ዋሻው ግን ከኋላ እንደተነሳ ቀርቷል።

10ኛ መልስ። የባሕር ዳሩ ሰው ናቸው። ከርነሉ ቃሉን ጠብቋል አሉኝ፤ ሎኩ የሚለቀቀው ያ የተከፈተ ፋይል በያዙት ሁሉ ዘንድ ሲዘጋ ነው፣ `autossh` ደግሞ ከወላጁ ተከፍቶ ወርሶታል። ለዚህ `-o` አለ፦

```
flock -n -o -E 75 /var/lib/sync/sync.lock /opt/sync/send.sh
```

በ`-o` ትዕዛዙ ከመነሳቱ በፊት የሎኩ ፋይል ይዘጋለታል፤ ሎኩን የሚይዘው `flock` ራሱ ብቻ ይሆናል፣ `send.sh` እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዋሻው ቢቀርም ሎኩን ይዞ አይቀርም። ዋጋውንም ሳይደብቁ ነገሩኝ፦ አንድ ሰው `flock`ን ብቻ ቢገድለው ሎኩ ይለቀቃል፣ `send.sh` ግን ያለ ሎክ መሮጡን ይቀጥላል። እንግዲህ መግደል ካስፈለገኝ ልጁን ነው የምገድለው፣ ወላጁ ከሱ በኋላ በራሱ ይወጣል። ዋሻውንም ስክሪፕቱ በየትኛውም መንገድ ሲወጣ እንዲዘጋ በ`trap` እንዳስረው አዘዙኝ፤ አሰርኩት።

11ኛ መልስ። ሰላምታም የለው። በዚህ ዘመን ክሮን የሚጠቀም ሰው ችግሩን ራሱ ጠርቶት ነው፣ ሲስተምዲ ታይመር ቢሆን ይህ ሁሉ ክር አያስፈልግም ነበር አለ። አነጋገሩን ወደ ጎን ትተን ነገሩ ትክክል ነው፤ ታይመር የሚያስነሳው ሰርቪስ ገና እየሠራ ከሆነ ሁለተኛ ቅጂ አይነሳም፣ መነሳቱ ዝም ብሎ ይታለፋል።

12ኛ መልስ። ከዚሁ ከጎንደር የምትጽፍ ልጅ ናት፣ ከሁሉ ያነሰች ትመስለኛለች፣ ከሁሉ ጥርት አድርጋ የምትጽፍም እሷ ናት። 11ኛውን በአክብሮት አረመችው። ታይመሩ የሚከላከለው በሱ በኩል የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ማታ የቆየ ሰው ተርሚናል ላይ `/opt/sync/send.sh` ብሎ በእጁ ቢያስነሳው ሲስተምዲ አያውቀውም አለች። እዚህ ቢሮ ደግሞ በእጅ የምናስነሳው በየቅዳሜው ነው። የሷ ምክር ሎኩን ከክሮን መስመር አውጥቼ ስክሪፕቱ ውስጥ እንዳስገባው ነበር፣ ማንም በየትም በር ቢገባ እንዲያገኘው።

13ኛ መልስ። እዚህ ላይ ወሬው ሸሸ። አንዱ ክሮኑ ላይ 2 ብሎ የጻፈው ሥራ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲነሳ ግራ ተጋብቶ እንደነበር ተረከ። ሌላው ጓደኛው ከስር ገብቶ የሱ ሰርቨር ደግሞ ሰዓቱ በዩቲሲ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት ንጋት 11 ላይ እንደሚነሳ አከለ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን የእኔ ሥራ በየ15 ደቂቃው ስለሆነ አይነካኝም።

14ኛ መልስ። ስለ ዩፒኤስ ባትሪ ነው። በጎንደር የት እንደሚገኝ፣ በስንት ዓመት መቀየር እንዳለበት ሦስት ሰዎች ተነጋገሩ። ባትሪውን ቀይሬዋለሁ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

15ኛ መልስ። ወደ ጉዳዩ የመለሰን አንድ ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ነው፣ ያነሳውም ቁም ነገር ነው። ማዕከሉ ያለው እሱ ከተማ ነው፤ የጎንደሩ ማሽን ሲበላሽ ሥራውን የሚያካሂድ ተጠባባቂ ማሽን እዚያ ካለ የጎንደሩን ሎክ ፋይል አያየውም አለ። አዎን፣ አለን። ጎንደር ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሞቷል ብለው ተጠባባቂውን ያስነሱት ጊዜ ነበር፤ የእኛ ሲመለስ ሁለቱም ሮጠዋል። ስለዚህ ሎኩ ሁለቱም የሚያዩት ቦታ፣ ማለትም ዳታቤዙ ውስጥ መሆን አለበት አለ። እዚህ ድረስ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። ቀጥሎ ግን ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ይህን እንዳስገባ ሰጠኝ፦

```
psql -tAc "SELECT pg_try_advisory_lock(7301)"
```

`t` ከመለሰ ቀጥል፣ `f` ከመለሰ ውጣ።

16ኛ መልስ። ጎንደሬዋ ልጅ ናት እንደገና። ከመጻፏ በፊት ሞክራው ነበር፣ እኔም ከሷ በኋላ ሞከርኩት፤ መስመሩን አሥር ጊዜ በተከታታይ ብናስነሳው አሥሩም ጊዜ `t` ይመልሳል። ይህ ሎክ የሚኖረው በያዘው ሴሽን ዕድሜ ነው፤ `psql` መልሱን አትሞ ሲወጣ ሴሽኑ ይዘጋል፣ ሎኩም አብሮ ይሄዳል። ስክሪፕቱ ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርስ የያዘው ነገር የለም። ሎኩን የሚወስደውና ሥራውን የሚሠራው አንድ ኮኔክሽን መሆን አለባቸው አለች። መላኪያውን ከሼል ወደ ፓይተን ያዛወርኩት በዚህ ምክንያት ነው፦

```
cur.execute("SELECT pg_try_advisory_lock(7301)")
if not cur.fetchone()[0]:
    sys.exit(75)
```

ከዚህ በኋላ ደረሰኞቹ የሚገቡት በዚሁ `cur` ነው። ሎኩን ማን እንደያዘው ለማየትም መንገዱን ሰጠችን፤ ከ`pg_locks` ውስጥ `locktype = 'advisory'` የሆነውን መምረጥ፣ የሚወጣውን `pid` ከ`pg_stat_activity` ጋር ማመሳከር። ከየትኛው አድራሻ እንደመጣም ያሳያል፤ ጎንደር ይሁን ተጠባባቂው በዚያ ይለያል። እኛ ዘንድ ጎንደር በዋሻ ስለሚገባ አድራሻው የሰርቨሩ የራሱ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለያየ `application_name` ሰጠሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አከለች። በመካከል ፒጂባውንሰር ካለና በትራንዛክሽን ስልት ከተዋቀረ አንዱ ትዕዛዝ በአንድ ኮኔክሽን፣ ቀጣዩ በሌላ ሊሄድ ይችላል፤ ሎኩም ባልጠበቅነው ኮኔክሽን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኛ ዘንድ ፒጂባውንሰር የለም፣ ስለዚህ አለፍኩት።

17ኛ መልስ። የባሕር ዳሩ ሰው የኢንተርኔታችንን ጉዳይ አነሱ። እስካሁን ያሰብነው የሚሞት ሥራን ነው፤ የሚሞተው መስመሩ ቢሆንስ? አሉ። ኮኔክሽኑ ስንብት ሳይላክ ሲቋረጥ ዳታቤዙ ወዲያው አያውቅም። ሊኑክስ ላይ እንደመጣ ከተተወ ዝም ያለ መስመርን መፈተሽ የሚጀምረው ከ7200 ሴኮንድ በኋላ ነው፣ ከዚያም በየ75 ሴኮንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። ሲደመር ሁለት ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሎኩን የያዘው የሞተ ሴሽን ነው፤ ጎንደርም ተጠባባቂውም ገብተው `f` እያነበቡ ይወጣሉ። ያ ሁኔታ የመጀመሪያውን የዓርብ ሎክ ፋይሌን አስታወሰኝ፣ ልዩነቱ ይህኛው በራሱ ጊዜ መልቀቁ ነው። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ ነው፦

```
tcp_keepalives_idle = 60
tcp_keepalives_interval = 10
tcp_keepalives_count = 3
```

በዚህ የሞተው መስመር በ90 ሴኮንድ ገደማ ይታወቃል። ዋሻ ላለው ሰው ግን ይህ ብቻ እንደማይበቃ አስጠነቀቁ፤ ዳታቤዙ የሚያየው ኮኔክሽን እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ካለው የኤስኤስኤች ጫፍ የመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ በሕይወት አለ። ስለዚህ ኤስኤስኤቹም `ClientAliveInterval` እና `ClientAliveCountMax` ሊኖረው ይገባል። ሞከርኩት፤ ሥራው እየሮጠ የራውተሩን ገመድ ነቀልኩ፣ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ `pg_locks`ን እያየ ነበር። የኤስኤስኤቹን ሳላስተካክል ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ሎኩ እንዳለ ነበር። 20 ሴኮንድና 3 ሙከራ ብዬ ካስተካከልኩት በኋላ በአንድ ደቂቃ ገደማ ተለቀቀ።

18ኛ መልስ። 11ኛው ተመልሶ መጣ፣ አሁንም ቆጣ ብሎ ነው። ስለ ሎክ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ሥራው ራሱ ሲደገም የሚያበላሽ መሆኑን አምኗል አለ። የደረሰኝ ቁጥሩን ከመሸጫው ጋር ልዩ አድርጎ ማሰር፣ ሲያስገቡም `ON CONFLICT DO NOTHING` ማለት፣ ክምችቱንም በእርግጥ ለገባው ደረሰኝ ብቻ መቀነስ፤ ከዚያ ሁለት ይሩጥ አምስት ይሩጥ የሚል ጥያቄ አይኖርም አለ። አነጋገሩ አልጣመኝም፣ ነገሩ ግን ትክክል ስለሆነ በዚያው ሳምንት አደረግኩት። የአዘዞው 12 ካርቶን በዚህ መንገድ 24 ሊሆን አይችልም ነበር።

19ኛ መልስ። ልጅቷ ግማሹን ተቀብላ ግማሹን ተከራከረች። ደረሰኙ አይደገምም፣ ግን ቅዳሜ መስመሩ ሲዝል ሁለት ሥራዎች ያንኑ ነገር በአንዲት ቀጭን መስመር ቢልኩ ሁለቱም ይዘገያሉ፣ ሦስተኛውም ይደርስባቸዋል፤ ሎኩ ከስሕተት ባይሆን ከመጨናነቅ ያድናል አለች። 11ኛው ደግሞ ይህ ለቅዳሜ ሲባል ለሳምንቱ ሁሉ ውስብስብ ነገር መሸከም ነው ባይ ነው። የባሕር ዳሩ ሰው ሦስተኛ ሐሳብ አመጡ፤ የምልከውን በ50 በ50 ደረሰኝ ከፋፍዬ እያንዳንዱን በየራሱ ትራንዛክሽን እንድዘጋው፣ መስመር ሲቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻው ክፍል ብቻ እንዲሆን። ሎኩ የሴሽን ስለሆነ በየትራንዛክሽኑ መዘጋት አይለቀቅም። በዚህ ላይ ሦስቱ አልተስማሙም፣ ክርክሩም እስካሁን አልተዘጋም።

እኔ ያደረግኩት

ለጊዜው ሁለቱንም ሎክ ይዣለሁ። `flock` እዚህ ማሽን ላይ የመጀመሪያው በር ነው፣ ኢንተርኔት ሳይነካ ሁለተኛውን ይመልሳል። የዳታቤዙ ሎክ በጎንደርና በተጠባባቂው መካከል ነው። የደረሰኝ ቁጥሩ መታሰር ደግሞ ሁለቱ ቢያመልጡ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስቆጨኝ ግን ያ ሥራ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለ አንዲት ቃል `exit 0` እያለ መውጣቱ ነው። አሁን ሥራው በደኅና ባለቀ ቁጥር ሰዓቱን ዳታቤዝ ውስጥ ይጽፋል፤ ሌላ ትንሽ ስክሪፕት ያንን ሰዓት ያያል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈው ለመጋዘን ኃላፊዋና ለእኔ መልእክት ይልካል። የ75 መውጫዎችንም ይቆጥራል፤ ባለፈው ቅዳሜ አራት ነበሩ፣ ሁሉም ከ4፡00 እስከ 6፡00 ባለው ጊዜ ውስጥ።

በ50 መከፋፈሉን ገና አልሞከርኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞክሬ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እዚሁ እጽፋለሁ።